ካርድ የዋጠ፣ ብር ያጎደለ ማሽን

የደመወዝ ሰሞን ነው። መካነ ሰላም ላይ ከአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ደጃፍ ባለው ኤቲኤም ፊት ሰልፉ ረዝሟል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመሆኑ ባንኩ ተዘግቷል፤ በአካባቢው ያለው ጥበቃው ብቻ ነው። ከደጎሎ ለሥራ ጉዳይ የመጡ አንድ መምህር ተራቸው ደርሶ ካርዳቸውን አስገቡና አራት ሺህ ብር አዘዙ። ማሽኑ ውስጥ ውስጡን ሲቆጥር ቆየ፤ ቆም አለ፤ እንደገና ጀመረ። በመጨረሻ ብሩን ብቅ አደረገ። መምህሩ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ቆጠሩት፦ አሥራ ሦስት ባለ ሁለት መቶ ብር ኖት፣ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ብር። በዚያው ቅጽበት ስልካቸው ላይ የገባው የባንክ መልእክት ግን ከሂሳባቸው አራት ሺህ ብር እንደተቀነሰ ይናገራል።

ካርዱን ተቀብለው ሊጠይቁ ሲጠብቁ ካርዱም አልወጣም። ስክሪኑ ላይ ካርዱ መያዙን የሚገልጽ ጽሑፍ ታየና ጠፋ።

«ጋሼ፣ የሚስጥር ቁጥሩን እንደገና ይምቱት፤ ይተፋዋል» አለ ከኋላ የቆመ ወጣት።

«ተው እንጂ አንተ!» አለ ጥበቃው። «መምህር፣ ምንም አይንኩ። እኔ ቁልፍ የለኝም፤ ሰኞ ነው የሚከፈተው።»

እኚህ መምህር የአንድ የተወሰነ ሰው ታሪክ አይደሉም። አሠራሩን ከሥር ከመሠረቱ ለማሳየት እንዲመቸን ሁለቱም ጣጣ በአንድ ቀን የደረሰባቸው ሰው አድርገን ያሰናዳናቸው ምሳሌ ናቸው። የገጠማቸው ነገር ግን በየከተማው የሚሰማ ነው፤ «ማሽኑ ካርዴን ዋጠው»፣ «ብር አጉድሎ ሰጠኝ» የሚል ሰው ያልገጠመው ጥቂት ነው። ብዙው ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን አቤቱታዎች አንድ አድርጎ በማየቱ ነው። ካርዱ ያለው በማሽኑ ሆድ ውስጥ ስለሆነ የካርዱ ጉዳይ የማሽኑን ባለቤት ባንክ ይመለከታል። ገንዘቡ የተቀነሰው ግን መምህሩ ሂሳብ ከከፈቱበት ባንክ ነው፤ ስለዚህ የገንዘቡ አቤቱታ የሚጀምረው ከራሳቸው ባንክ ነው። ማሽኑ የራስ ባንክ ከሆነ ሁለቱ አድራሻዎች አንድ ይሆናሉ። የሌላ ባንክ ከሆነ ግን ይለያያሉ፤ ይህን ያላወቀ ሰው ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው ሲመላለስ ጊዜውን ይጨርሳል።

ካርዱ ለምን ተያዘ?

ማሽን ካርድ የሚይዘው በብዙ ምክንያት ቢሆንም፣ ለተጠቃሚው ሦስቱን መለየት ይበቃዋል።

የመጀመሪያው መዘንጋት ነው። ማሽኑ ካርዱን ወደ አፉ ካወጣ በኋላ ባለቤቱ እስኪወስደው የሚጠብቀው ለጥቂት ሰከንዶች ነው። ብሩን እየቆጠረ ወይም ስልክ እያነጋገረ የዘገየ ሰው ካርድ፣ ሌላ ሰው እንዳይወስደው ተብሎ ወደ ውስጥ ይሳባል። ይህ ብልሽት ሳይሆን ጥበቃ ነው። ካርዱ ምንም ጉድለት ስለሌለበት የማስመለሱም ነገር ቀላል ነው።

ሁለተኛው ትእዛዝ ነው። ካርዱን የሰጠው ባንክ፣ ይህ ካርድ ጠፍቷል ተብሎ ተመዝግቧል፣ ጊዜው አልፎበታል፣ ወይም የሚስጥር ቁጥሩ በተደጋጋሚ ተሳስቷል ብሎ ካርዱ እንዲያዝ ለማሽኑ መልስ ሊልክ ይችላል። የሚስጥር ቁጥር ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ብዙ ጊዜ ካርዱ ይታገዳል፤ በአንዳንድ ማሽን ደግሞ አብሮ ይዋጣል። እንዲህ ያለውን ካርድ ማሽኑ ተከፍቶ ቢያገኙት እንኳ እገዳው ካልተነሣ አይሠራም።

ሦስተኛው መብራትና ኔትወርክ ነው። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ ይህ ምክንያት ለማንም እንግዳ አይደለም። ሥራው በመካከል ሳለ መብራት ከጠፋና መጠባበቂያ ባትሪው ከደከመ፣ ማሽኑ እንደገና ሲነሣ በውስጡ ያገኘውን ካርድ የማን እንደሆነ ማረጋገጥ አይችልም። ስለዚህ አውጥቶ ለቆመው ሰው ከመስጠት ይልቅ ወደ ማጠራቀሚያው ይጥለዋል። መምህራችን የገጠማቸው ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነው፦ ብሩን ሲያወጣ የታወከው ማሽን ራሱን ከሥራ ውጭ አደረገ፤ ካርዱም በውስጡ ቀረ።

ከሦስቱም የማይመደብ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ስርቆት ነው። ሌባው በካርድ ማስገቢያው ውስጥ ስስ ፕላስቲክ ወይም ቀጭን ክር አጥምዶ ካርዱ ገብቶ እንዳይወጣ ያደርጋል። ከዚያ ሊረዳ የመጣ መስሎ «ቁጥሩን ድገሙት» ይልና ቁጥሩን አይቶ ይይዛል። ባለ ካርዱ ተስፋ ቆርጦ ሲሄድ ካርዱን ጎትቶ ያወጣል። ይህን ከእውነተኛ መያዝ የሚለየው የማሽኑ ሁኔታ ነው። ማሽኑ ራሱ ሲይዝ ብዙ ጊዜ በስክሪኑ ላይ ይናገራል፤ ወረቀት ካለው ደረሰኝ ያወጣል፤ ወይም ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል። ካርድ ሲጠመድ ግን ማሽኑ ካርዱ እንደገባ እንኳ ስለማያውቅ «ካርድ ያስገቡ» እያለ ይቆያል። እንዲህ ካዩ ከማሽኑ አጠገብ ሳይርቁ ስልክ ይደውሉ። ለዚህም ነው የወጣቱ ምክር፣ በቅንነት የተነገረ ቢሆን እንኳ፣ ሊሰማ የማይገባው። ካርዱ ከተያዘ በኋላ የሚስጥር ቁጥር መድገም ካርድ አይመልስም።

የመጀመሪያው ሥራ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ካርዱን ማሳገድ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደንበኞች ጥሪ ማእከል 951 ነው፤ የዳሸን 6333፣ የአዋሽ 8980፣ የአቢሲኒያ 8397። ቁጥሩን ካርዱ ጀርባ ላይ ማንበብ ይቻላል፤ ችግሩ ካርዱ ማሽኑ ውስጥ ሲሆን ጀርባው አይነበብም። ስለዚህ ከአሁኑ ስልክ ላይ መዝግቦ መያዝ ነው። የሚደውሉት ካርዱን ለሰጠዎት ባንክ እንጂ ለማሽኑ ባለቤት አይደለም፤ የሌላ ባንክ ካርድ ማገድ የሚችል ባንክ የለም። ካርዱ ታገደ ማለት ሂሳቡ ታገደ ማለት እንዳልሆነም ልብ ይበሉ። ደብተርና መታወቂያ ይዞ ቅርንጫፍ ገብቶ ማውጣትም፣ በስልክ ማስተላለፍም እንደነበረው ይቀጥላል።

ከዚያ የሚቀረው ካርዱን ራሱን ማግኘት ነው። ጥበቃው «ቁልፍ የለኝም» ያለው ሰበብ ፈልጎ አይደለም። የማሽኑ ካዝና የሚከፈተው በሁለት ሠራተኞች ነው፤ አንዱ ቁልፉን፣ ሌላው የካዝናውን የሚስጥር ቁጥር ይይዛል። ብቻውን የሚከፍት ሠራተኛ እንዳይኖር ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ካርዱ የሚወጣው ብር ሲሞላ ወይም ሒሳብ ሲዘጋ ነው። የተገኙት ካርዶች በመዝገብ ይሰፍራሉ። የማሽኑ ባለቤት የራሱን ባንክ ካርድ መታወቂያ አይቶ፣ አስፈርሞ ይመልሳል። የሌላ ባንክ ካርድ ከሆነ ግን ብዙዎቹ በእጅ አይሰጡም፤ ወደ ሰጪው ባንክ ይልኩታል ወይም ቆርጠው ያስወግዱታል።

እዚህ ላይ የደጎሎ ሰው ማስላት ያለበት ነገር አለ። ከደጎሎ መካነ ሰላም ድረስ ለካርድ ብቻ ተመልሶ መምጣት የትራንስፖርቱ ወጪና የሚባክነው ቀን አዲስ ካርድ ከማውጣት ሊበልጥ ይችላል። ካርዱ የሌላ ባንክ ማሽን ውስጥ ከቀረ ደግሞ ደርሰውም ላይሰጥዎት ይችላል። ስለዚህ የራስዎ ባንክ ማሽን ካልሆነና ሰኞ ጠዋት እዚያው የማይገኙ ከሆነ፣ ሰኞን ለካርዱ ብሎ ከመጠበቅ በአቅራቢያዎ ያለ የራስዎ ባንክ ቅርንጫፍ ገብተው ምትክ ካርድ ማዘዝ ይሻላል። ምትኩ እስኪደርስ ድረስ ደብተሩ ይሠራል።

ብሩ ማሽኑ ውስጥ እንዴት ይጎድላል?

የመምህሩን 1,400 ብር ለማግኘት መጀመሪያ የት ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል። በማሽኑ ሆድ ውስጥ ካሴት የሚባሉ ሳጥኖች አሉ። እያንዳንዱ ካሴት አንድ ዓይነት ኖት ብቻ ይይዛል፤ አንዱ ባለ መቶ፣ ሌላው በመስከረም 2013 የወጣውን ባለ ሁለት መቶ። ማሽኑ ብሩን አይቶ አይለይም። ከዚህ ካሴት የሚወጣው ሁሉ ባለ ሁለት መቶ ነው ተብሎ ተነግሮታል፤ የሚቆጥረውም ስንት ኖት እንዳለፈ ብቻ ነው።

መምህሩ አራት ሺህ ብር ሲያዙ በመጀመሪያ የሚሆነው የመልእክት ልውውጥ ነው። ማሽኑ የሌላ ባንክ ከሆነ ጥያቄው ከ2008 ጀምሮ የአገሪቱን ባንኮች ማሽኖች በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል ወደ ራሳቸው ባንክ ይሄዳል። ባንኩ ሂሳቡን አይቶ አራት ሺህ ብር ይቀንስና «ስጥ» ብሎ ይመልሳል። ስልክ ላይ የሚገባው መልእክት የሚነግረን ይህንኑ ነው፦ ገንዘቡ ከሂሳብ መቀነሱን። ብሩ እጅ መድረሱን አይናገርም። ብሩ የሚቆጠረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ችግሩም የሚፈጠረው በዚህ በሁለተኛው ደረጃ ነው።

ኖቶቹ ከካሴት አንድ በአንድ ይሳባሉ። ሁለት ኖት ተጣብቆ ከመጣ ወይም አንዱ የታጠፈ ከሆነ ውፍረቱን የሚለካው መሣሪያ ያውቅበታል፤ ኖቱንም ወደ ውድቅ ሳጥን ይጥለዋል። ያ የተለመደ ነገር ነው፤ በምትኩ ሌላ ኖት ይስባል። የተቆጠረው ብር ተሰብስቦ ወደ በሩ ይገፋል። እዚህ ላይ ማሽኑ ከተጨናነቀ፣ የተወሰነው ኖት ከወጣ በኋላ ቀሪው ወደ ኋላ ሊመለስ ወይም በመንገዱ ላይ ሊቀር ይችላል። ባለ ካርዱ ብሩን በጊዜው ካልወሰደም ማሽኑ ወደ ውስጥ ይስበዋል።

ምንም ብር ሳይወጣ ሥራው የተቋረጠ እንደሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ማሽኑ «አልሰጠሁም» ብሎ የመመለሻ መልእክት ይልካል፤ የተቀነሰው ገንዘብም ማንም ሳይጠይቅ ወደ ሂሳቡ ይመለሳል። ኔትወርኩ በዚያ ቅጽበት ከተቋረጠ መልእክቱ ይዘገያል ወይም ይጠፋል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው፣ መስመር መቋረጥ የባንክን አገልግሎት ምን ያህል ሊያውክ እንደሚችል አይጠፋውም። እንዲህ ሲሆን ልዩነቱ የሚወጣው ባንኮቹ የየቀኑን መዝገባቸውን ሲያመሳክሩ ነው።

የጎደለ ብር ከዚህ ይከብዳል። ብዙ ማሽኖች ወደ ኋላ የሳቡትን ብር ስንት ኖት እንደሆነ እንደገና አይቆጥሩትም። ምክንያቱም አንድ ሰው ከተዘረጋው ብር መካከል ጥቂቱን መዞ ቀሪውን ሊተወው ይችላል፤ ማሽኑ ይህን አይለይም። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ራሱ 1,400 ብር አይመልስም። መመለስ የሚችለው ማሽኑን ከፍቶ የሚቆጥር ሰው ነው። የመምህሩ ዕድልም የሚወሰነው በዚያ ቆጠራ ነው።

ከማሽኑ ፊት መደረግ ያለበት

መምህሩ አንድ ትክክለኛ ነገር አድርገዋል፦ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ቆጥረዋል። ማሽኖቹ አብዛኛውን ጊዜ ካሜራ አላቸው። ብሩን ኪስ ከተው ሄደው ቤታቸው ሲቆጥሩ ጎደለ ከሚሉት ሰው ይልቅ፣ እዚያው ቆመው የቆጠሩት ሰው ቃል ይታመናል። ሲቆጥሩ የብሩን ድምር ብቻ ሳይሆን የኖቱን ብዛትና ዓይነት ይያዙ። «13 ባለ 200» የሚለው ማስታወሻ «2,600 ብር» ከሚለው የበለጠ ለመርማሪው ይጠቅማል።

ለምን እንደሆነ አንድ ምሳሌ ያሳያል። ብር ሲሞላ በስህተት ባለ መቶ ኖት በባለ ሁለት መቶው ካሴት ውስጥ ቢገባ፣ ማሽኑ ሃያ ኖት ቆጥሮ አራት ሺህ ሰጠሁ ይላል፤ እጅ ላይ ያለው ግን ሃያ ባለ መቶ፣ ሁለት ሺህ ብር ነው። ማሽኑ አልተበላሸም፤ መዝገቡም እንከን የለውም። የሚያጋልጠው የኖቱ ብዛት ትክክል ሆኖ ዓይነቱ መሳሳቱ ነው። እንዲህ ከሆነ ከኋላ ያለው ሁሉ ግማሽ ይደርሰዋል። ስለዚህ ሰልፈኛውን አስቁሞ ለጥበቃው መንገርና የአንድ ሁለት ሰው ስልክ መያዝ ያዋጣል። ትርፉ የሚገኘው ማሽኑ ውስጥ ሳይሆን ብሩ በወጣበት በቅርንጫፉ ካዝና ነው።

ቀጥሎ ደረሰኙን ይያዙ። ወረቀት ካለቀ በስልክ የገባውን መልእክት አያጥፉ። ደረሰኙ ላይ የማሽኑ መለያ ቁጥር፣ የካርዱ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች፣ የታዘዘው ገንዘብና የማመሳከሪያ ቁጥር ይገኛሉ፤ የማመሳከሪያ ቁጥሩ በአንዳንዱ ደረሰኝ ላይ RRN ተብሎ ይጻፋል። ከነዚህ ሁሉ በፊት የሚጠየቀው እሱ ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ይዘው መሄድ ካለብዎት እሱን ይዘው ይሂዱ።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የማሽኑ መዝገብ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓቱን በሃያ አራት ሰዓት ይጽፋል። መምህሩ ብር ያወጡት ከቀኑ 9:40 ላይ ነው፤ ማሽኑ ግን 15:40 ብሎ ይመዘግባል። ቅጹ ላይ 9:40 ብቻ ከተጻፈ፣ ርቆ ያለው መርማሪ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ፈልጎ አያገኘውም፤ አቤቱታውም «አልተገኘም» ተብሎ ይመለሳል። ሁለቱንም ይጻፉ፦ «ከቀኑ 9:40፣ በማሽኑ 15:40»፤ ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር።

ሳይደረግ የሚሻለው ደግሞ፣ ካርዱ የወጣለት ሰው እንኳ በዚያው ማሽን መልሶ መሞከሩ ነው። አንዱ ስህተት ሁለት ይሆናል፤ የቱ የትኛውን እንዳጎደለ ለማስረዳትም ይቸግራል።

አቤቱታው የሚሄድበት መንገድ

ሰኞ መምህሩ ደጎሎ ባለው የራሳቸው ባንክ ቅርንጫፍ ገቡ እንበል። የየትኛውም ቅርንጫፍ ሠራተኛ ሊቀበላቸው ይችላል፤ ሂሳቡ የተከፈተበት መሆን የለበትም። ይዘውት የሚሄዱት መታወቂያ፣ ደረሰኙ ወይም መልእክቱ፣ እና ማስታወሻቸው ነው። የሚሞሉት ቅጽ የተጠየቀውን 4,000፣ የተገኘውን 2,600፣ የጎደለውን 1,400 ብር ለየብቻ ማስፈር አለበት። «ብር ጎደለብኝ» ብቻ ብሎ የተጻፈ ቅጽ፣ ሙሉው ገንዘብ እንዳልወጣ ተቆጥሮ ሊመረመር ይችላል፤ መዝገቡ «ወጥቷል» ስለሚል ደግሞ ወዲያው ይወድቃል። ቅጹ ሲገባ የአቤቱታ ቁጥር ይጠይቁ፤ ቀኑን አስፈርመው ቅጂ ይያዙ።

ከዚህ በኋላ፣ ማሽኑ የሌላ ባንክ ከሆነ፣ አቤቱታው ከመምህሩ ባንክ በኢትስዊች በኩል ወደ ማሽኑ ባለቤት ባንክ ይሄዳል። እሱም መካነ ሰላም ያለውን ቅርንጫፍ ይጠይቃል። ቅርንጫፉ ሁለት ነገር ያቀርባል፦ ማሽኑ እያንዳንዷን እርምጃ የጻፈበትን መዝገብና የቆጠራውን ውጤት።

ቆጠራው እንዲህ ነው። በባለ ሁለት መቶው ካሴት ብር ሲሞላ 2,000 ኖት ገብቶ ነበር እንበል፤ 400,000 ብር። ማሽኑ እስከ ተከፈተበት ጊዜ 1,500 ኖት ሰጥቻለሁ ይላል፤ የመምህሩ ሃያ ኖት ከዚህ ውስጥ ነው። ስለዚህ ውስጡ 500 ኖት መገኘት አለበት። ሁለቱ ሠራተኞች ከፍተው ሲቆጥሩ ካሴቱ ውስጥ 480፣ ውድቅ ሳጥኑ ውስጥ 27፣ በድምሩ 507 ኖት ያገኛሉ። ውድቅ ሳጥኑ ውስጥ ሃያ የታጣጠፉ አሮጌ ኖቶች መገኘታቸው የተለመደ ነው፤ በምትካቸው ሌላ ስለወጣ ሒሳቡን አያዛቡም። ሰባቱ ግን ትርፍ ናቸው። ሰባት ባለ ሁለት መቶ 1,400 ብር ነው። መዝገቡም 15:40 ላይ ብር ማውጫው ላይ ስህተት መፈጠሩን ይጽፋል። ትርፉና ስህተቱ ገጠሙ፤ መምህሩም ገንዘባቸውን ያገኛሉ።

በዚያው ሙሌት ሌላ ሰውም 1,400 ጎደለብኝ ቢል፣ ትርፉ የአንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ማን እንደሚወስደው የሚለየው የስህተቱ ሰዓት ነው። ሰዓቱን በትክክል መጻፍ የሚያዋጣው ለዚህም ነው። መዘግየትም ይጎዳል። ትርፉ ከተቆጠረ በኋላ ባለቤት ያልተገኘለት ገንዘብ ሆኖ ይመዘገባል፤ በኋላ የሚመጣ አቤቱታ ተቀባይነት ባያጣም ማመሳከሩ ይረዝማል። የካሜራ ምስልም ለዘለዓለም አይቀመጥም፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይቀዳል።

«ማሽኑ አላጎደለም» ሲባል

ቆጠራው 500 ኖት ብቻ ቢሆንስ? ባንኩ «ማሽኑ ሒሳቡ ልክ ነው» ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ አንዳንዴ እውነት ነው፤ ከኋላ የቆመ ሰው ከበሩ ላይ መዞ ወስዶ፣ ወይም ባለቤቱ ሲቆጥር ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በቃል ብቻ መቀበል አያስፈልግም። በጽሑፍ የሚጠየቁ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ በዚያ ሰዓት የማሽኑ መዝገብ ስህተት አሳይቷል ወይስ አላሳየም? ሁለተኛ፣ ቆጠራው ውድቅ ሳጥኑንና ወደ ኋላ የተሳበው ብር የሚገባበትን ሳጥን ጨምሯል? ካሴቱን ብቻ ቆጥሮ ልክ ነው ማለት ባዶ መልስ ነው። ሦስተኛ፣ የካሜራው ምስል ታይቷል? መዝገቡ ስህተት አሳይቶ ቆጠራው ግን ትርፍ ካላሳየ፣ ያኔ ማብራሪያ የሚጠበቀው ከባንኩ ነው።

በባንኩ መልስ ያልረካ ሰው መጀመሪያ ወደ ባንኩ የቅሬታ ክፍል በዋናው መሥሪያ ቤት፣ ከዚያ ወደ ብሔራዊ ባንክ መሄድ ይችላል። ብሔራዊ ባንክ በ2012 ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ፣ ቁጥሩ FCP/01/2020፣ ባንኮች የደንበኛን ቅሬታ የሚቀበሉበትና የሚመልሱበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ለዚህ መንገድ የሚያስፈልገው ሰነድ መምህሩ ቀድመው የያዙት ነው፦ የአቤቱታው ቁጥርና የባንኩ የጽሑፍ መልስ። ባንኩ የጽሑፍ መልስ ካልሰጠም፣ ጠይቀው ያልተሰጠዎት መሆኑን የሚያሳይ ደብዳቤ ራሱ ማስረጃ ነው።

መዝገብ ለማን እንደሚሠራ በአገራችን በግልጽ የታየው መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰዎች ሂሳባቸው ላይ ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተማሪዎች በማሽኑ ፊት ተሰለፉ። ባንኩ ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን አሳወቀ፤ ፕሬዚዳንቱ አቶ አቤ ሳኖ የወሰዱ ሰዎች በፈቃዳቸው እንዲመልሱ ጠየቁ። ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ይፋ ተደረገ፤ አብዛኛው ገንዘብም ተመለሰ። ባንኩ እያንዳንዱን ሰው ማግኘት የቻለው ማን፣ መቼ፣ ስንት እንደወሰደ መዝገቡ ስለያዘ ነው። ያው መዝገብ ለባንኩ ሲጎድል ይሠራል ከተባለ፣ ለደጎሎው መምህር ሲጎድልም መሥራት አለበት። ማሽን አስበልጦ ሲሰጥም እንዲሁ ነው፤ መመለስ ግድ ነው፤ ትርፉ ለማን እንደደረሰ ከቆጠራ በኋላ መታወቁ አይቀርም።

በሌላ አገር ይህ በግልጽ ቀን ተወስኖለታል። የሕንድ ማእከላዊ ባንክ በፈረንጆቹ 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ከሂሳብ ተቀንሶ ከማሽን ያልወጣ ገንዘብ ከአምስት ቀን ባልበለጠ ጊዜ መመለስ አለበት፤ ከዚያ በላይ ባንኩ ላቆየበት ለእያንዳንዱ ቀን መቶ ሩፒ ለደንበኛው ይከፍላል። ደንበኛው አቤት እስኪል ድረስም አይጠበቅም። እኛም ጋ በሁሉም ማሽን ላይ የሚነበብ የመመለሻ ቀን፣ የማሽኑ መለያ ቁጥርና የባለቤቱ ስልክ በአማርኛ ተጽፎ ቢለጠፍ ባንኮቹን የሚያስወጣቸው ገንዘብ የለም ማለት ይቻላል።

እስከዚያው ግን ሸክሙ የተጠቃሚው ነው። ማሽን ካርድዎን ከያዘ ወዲያው ለካርዱ ሰጪ ባንክ ደውለው ያሳግዱ። ብር ካጎደለ እዚያው ቆመው ቆጥረው የኖቱን ብዛት፣ የማመሳከሪያ ቁጥሩንና የማሽኑን ሰዓት ይያዙ፤ በሚቀጥለው የሥራ ቀንም የራስዎ ባንክ ቅርንጫፍ ገብተው ቅጽ ሞልተው የአቤቱታ ቁጥር ሳይቀበሉ አይውጡ።